ሰላምታቸውን ቆረጥኩት

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን የመብራቱን ነገር ነበር የማወራው፣ ግን እሱ ይቆየን። ጋሼ ናቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ ያሉት። አዎ፣ ሰዓት ሠሪው ጋሼ።

ስለ ጋሼ የለጠፍኩትና ያያችሁት አጭር ቪዲዮ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን "ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ ቤተሰቦቼ፣ ዛሬ ደሞ አራት ኪሎ ነው ያለነው" ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ እሱ ብቻ አራት ሰከንድ ወሰደ። ከመቶ ተመልካች ስንቱ እንደቀረ በየሰከንዱ የሚያሳየውን የሪቴንሽን ግራፍ ስከፍተው ሦስተኛው ሰከንድ ላይ መስመሩ ከ100 ወደ 41 ወርዷል። ጋሼ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከግማሽ በላይ ሰው አልፏቸው ሄዷል። በጣም ነበር ያናደደኝ፣ ምክንያቱም የሚናገሩት ነገር እኮ...

እና ያንኑ ቪዲዮ እንደገና ኤዲት አደረግኩት። የሚጀምረው እጃቸው ላይ ነው፣ የሰዓቱን ጀርባ ሲከፍቱ፣ ድምፃቸው ደሞ "ባለቤቱ 11 ዓመት አልመጣም። እኔ ግን በየሳምንቱ እሞላዋለሁ" ይላል። አለቀ፣ ሌላ ምንም የለም። ሦስተኛው ሰከንድ ላይ 73 ቀረ። ሰውዬውም ቦታውም ያው ናቸው፣ የተቀየረው መግቢያው ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። ሰላምታ ውስጥ የጎደለ ነገር የለም፣ ሙሉ ነው። "ሰላም" ስትባል "ሰላም" ትላለህ፣ በቃ ተዘጋ፣ አውራ ጣትህ ነፃ ነው። "ባለቤቱ 11 ዓመት ያልመጣ ሰዓት በየሳምንቱ ይሞላል" ስትባል ግን ግማሹን ይዘህ ግማሹን አጥተሃል። ጆርጅ ሎወንስታይን የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1994 የጻፈው ይሄንን ነው፣ ጉጉት የሚመጣው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መሀል ክፍተት እንዳለ ሲታየን ነው ይላል። ክፍተቱ እንዲታይ ደሞ መጀመሪያ የሆነ ነገር ማወቅ አለብህ። "ይሄን ብታዩ አታምኑም" የሚለው ለዚህ ነው የማይሠራው። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ሦስት ሰከንድ ይይዝልሃል፣ ስምንተኛው ላይ ግን ግራፉ ገደል ይገባል፣ ምክንያቱም ሰዉ የሚጠብቀውን ነገር አያውቀውም። ጥያቄም መጠየቅ ይቻላል፣ ውጤቱን አስቀድሞ ማሳየትም ይቻላል፣ ግን ሁሉም የሚሠሩት ያንን ግማሽ ከሰጡ ነው።

እኛ እኮ ይሄን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። እንቆቅልሽ! "ምን አውቅልሽ።" ግማሹን ይነግሩሽና ግማሹን ይደብቁሻል፣ ካላወቅሽው ሀገር ትሰጫለሽ፣ አያቴ ጎንደርን ስንቴ ወስዳብኛለች፣ መልሱን ለመስማት ብዬ ጎንደርን የሚያህል ሀገር እሰጣት ነበር እኮ። አማርኛ ደሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ዓረፍተ ነገሩን ካስረዘምሽው ክፍተቱ የሚከፈተው ሰዉ ከሄደ በኋላ ነው። "ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ደምበኛ ለጥገና ብሎ ያመጣውን ሰዓት..." ስትይ ሦስት ሰከንድሽ አልቋል፣ ግሱ ገና ነው። ለዛ ነው ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር የመረጥኩት።

መልሱን ደሞ 38 ሰከንድ ካለው ውስጥ 26ኛው ላይ ነው ያስቀመጥኩት። "የሚሞላ ሰዓት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ ይደርቃል፣ አደራ ነው" ይላሉ። ከዛ በኋላ ሰዉ ይወጣል፣ ያው መልሱን አግኝቷላ።

እና ላሳያቸው ሄድኩ። ያቺን ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ማጉያ አወለቁና ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከመጨረሻው አዩት። እየሳቁ ነበር። ከዛ መለሱና እንደገና ከመጀመሪያው አዩት፣ አሁን አልሳቁም።

"ሰላም ያልኩትስ?" አሉኝ።

ስቀርጻቸው መጀመሪያ ላይ "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሀገራችንን ሰላም ያድርግልን" ብለው ነበር። ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ቆረጥኩት። "ጋሼ፣ ሰዉ አይቆይም፣ ግራፉ..." ብዬ ጀመርኩና ግራፉን ልከፍትላቸው ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"ሰው ቤት ተገብቶ ሰላም ሳይባል ወሬ ይጀመራል እንዴ የኔ ልጅ?"

መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው መልሱ የተመልካቹ ቤት ገና አልገባሁም ነው፣ በሩ ላይ ነኝ፣ እሱ እያለፈ ነው። እናንተ ግን ገብታችኋል፣ ለእናንተ ሰላም ብል ማንም አይሄድም። አይ... ግን እሳቸው ለማለፍ ብሎ ላለፈውም እኮ ነው ሰላም የሚሉት። ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ላላፊ አግዳሚው ሁሉ።

መጨረሻ ላይ ላድርገው ብዬ አሰብኩ፣ ምርቃቱን። መጨረሻው ላይ የሚደርሰው 19 ነው፣ ከመቶ። እና ፒያሳ የነበረው ሱቃቸው 2016 ላይ ፈርሶ ነው ወደ አራት ኪሎ የመጡት፣ ባለቤቱ ቢመጣ ራሱ የት ብሎ ያገኛቸዋል፣ እሳቸው ግን ዛሬም... ቅዳሜ እኮ ነው የሚሞሉት። ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል?

ቆይ፣ ስልክ...