ስሪ ፌዝ ከመጠየቃችሁ በፊት ኬብላችሁን ለኩ

የተከበራችሁ የእንጨትና የብረታ ብረት ማኅበራት አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከእናንተ ጋር ስንገናኝ ደጋግማችሁ የምታነሱልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስሪ ፌዝ መቼ ላስገባ?» ዛሬ የምመልሰው ብዙዎቻችሁ በምታውቁት ዓይነት የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ቆጣሪው የግቢው በር ላይ ነው፤ ሥራ ቤቱ ጓሮ፣ 60 ሜትር ርቆ። መብራቱ የሚደርሰው በባለ 6 የመዳብ ኬብል ነው። ውስጥ ባለ 3 ፈረስ ጉልበት መጋዝ አለ፣ ማለትም 2.2 ኪሎዋት፤ እኩያው የሆነ መላጊያ አለ፤ 1.5 ኪሎዋት ኮምፕረሰርም አለ። ሁሉም ሲንግል ፌዝ ናቸው።

የባለቤቱ እሮሮ ይህ ነው፦ ጠዋት መጋዙ በደንብ ይነሳል፤ ማታ ግን ያጓራል እንጂ አይዞርም፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ካፓሲተር በየጊዜው ይነፋል። ጎረቤቱ «ስሪ ፌዝ አስገባ» ይለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ቮልቴጅ ለኩ እላለሁ።

መጋዙ ሲሠራ ወደ 14 አምፔር ይስባል። ሲነሳ ግን ለአፍታ አምስት እጥፍ፣ ወደ 70 አምፔር ይደርሳል። የዚያ ኬብል ደርሶ መልስ ተቃውሞ 0.37 ኦም ያህል ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት 26 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ጠዋት 220 ከገባ 194 ይደርሳል፤ ሞተሩ ይችለዋል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ቆጣሪው ላይ 200 ብቻ ከደረሰ ግን፣ ሞተሩ የሚስበው አምፔር አብሮ ትንሽ ቢቀንስም፣ የሚያገኘው 177 አካባቢ ነው። ሞተር የሚነሳበት ጉልበት ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ የቀረው ከሦስት እጅ ሁለቱ ብቻ ነው። የሚያጓራው ለዚህ ነው፤ ባጓራ ቁጥርም የማስነሻው ካፓሲተር ከመስመር ሳይወጣ ይቆይና ይቃጠላል።

ስለዚህ ሁለት ቦታ ለኩ፦ ቆጣሪው ላይና ማሽኑ ጋ፣ ሞተሩ በሚነሳበት ቅጽበት። ቆጣሪው ላይ ደህና ሆኖ ማሽኑ ጋ ከወረደ ጥፋቱ የእናንተው ኬብል ወይም የላላ ማያያዣ ነው። ባለ 16 ብትዘረጉ ያ 26 ቮልት ወደ 10 ይወርዳል፤ ስሪ ፌዝ ሳያስፈልጋችሁ ችግሩ ያልቃል። ቆጣሪው ላይ ራሱ ሥራ ሳይጀመር ዝቅ ካለ ግን የሰፈሩ መስመር ወይም ትራንስፎርመር ነው፤ ያንን ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አመልክቱ።

ታዲያ መቀየር የግድ የሚሆነው መቼ ነው? ሦስቱ ማሽኖች አንድ ላይ መዞር ሲኖርባቸው ነው። በሲንግል ፌዝ 14፣ 14 እና 10፣ ድምሩ 38 አምፔር በአንድ መስመር ይሄዳል፤ አንዱ ሲነሳ የሌሎቹ ጉልበት ይወድቃል፣ ብሬከርም ይመታል። እነዚሁ ማሽኖች የስሪ ፌዝ ሞተር ቢኖራቸው በ380 ቮልት በእያንዳንዱ መስመር 14 አምፔር ገደማ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ለመነሳትም ካፓሲተር አይፈልጉም። ሠራተኛ ተራ እየጠበቀ ከቆመ፣ ወይም ልትገዙት ያሰባችሁት ማሽን ከ3 ኪሎዋት በላይ ከሆነ፣ ጊዜው ደርሷል። የመብራት ሂሳብ ይቀንስልኛል ብላችሁ ግን አትቀይሩ፤ የምትከፍሉት በዋናነት በኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ሥራው ያው ከሆነ ሂሳቡም ያው ነው ማለት ይቻላል።

ስታመለክቱ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን በቅርቡ የምትገዙትንም ማሽን ኪሎዋት ደምሩ። ሲገባላችሁ አምፖልና ሶኬቶችን በሦስቱ መስመር አከፋፍሉ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ፣ መስመሩን ዘግታችሁ ማናቸውንም ሁለት ፌዝ አቀያይሩ፤ መጋዝ ላይ ይህን ምላጩ ሳይታሰር ፈትሹ።

አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ከሦስቱ መስመር አንዱ ሲጠፋ የሚዞር ሞተር ወዲያው አይቆምም። ድምፁ ይለወጣል፣ ይግላል፣ የቀሩት ሁለቱ ጭነቱን ይሸከማሉ፤ ሳይቆይም ይቃጠላል። ጥምጥም ቤት ሲከፈት በስታር የታሰረ ከሆነ ሁለቱ ጥምጥሞች ከስለው ሦስተኛው እንደ አዲስ ያበራል። እንዲህ ያለ ሞተር ካያችሁ «ሞተሩ መጥፎ ነው» አትበሉ፤ ፌዝ ጠፍቶበት ነው። መከላከያው ሁለት ነው፦ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ፣ እና ፌዝ ሲጎድል ኮንታክተሩን የሚያወርድ ሪሌይ። ሁለቱም መብራቱ በገባበት ቀን ይታሰሩ፤ ኤሌክትሪሺያኑ ከመሄዱ በፊትም አንዱን ፌዝ በብሬከር ዘግቶ ኮንታክተሩ ሲወርድ ያሳያችሁ።

አመሰግናለሁ።