ሽሮ በ58 ሰከንድ፦ ስክሪፕቱን እንበትነው

ሰላም፦ ትናንት የላክልኝን የአንድ ደቂቃ የሽሮ ቪዲዮ ስክሪፕት ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስንት የወጣ ይመስልሃል?

ዳዊት፦ ሃምሳ ሰከንድ አካባቢ ብዬ ነበር የጻፍኩት።

ሰላም፦ አንድ ደቂቃ ከአርባ! ያውም ሳልተነፍስ።

ዳዊት፦ በዓይን ሳነበው ግን አጭር ነበር እኮ።

ሰላም፦ በዓይን የሚነበብ ሁሉ አጭር ነው። እኔ ሳይቸኩል በሚሰማ ድምፅ በሰከንድ ሁለት ቃል ብል ነው። ምግብ ሲሆን ደግሞ ዝምታም ያስፈልጋል፤ ሽንኩርቱ ሲንጫጫ፣ ሽሮው ሲንተከተክ ልሰማ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ለስልሳ ሰከንድ ከሰማንያ ቃል በላይ አልጽፍም። አንተ ወደ ሁለት መቶ ጽፈህልኛል።

ዳዊት፦ እሺ፣ ምኑን ልቁረጥ?

ሰላም፦ መጀመሪያ መጠኑን ሁሉ ከድምፁ አውጣው። «ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት» እያልክ አትቁጠር፤ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ጻፈው። ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየው፣ ቁጥሩን በጆሮ ብቻ ካስቀመጥክለት አጣው ማለት ነው። ድምፅህ «እንዴት» የሚለውን ይንገር፣ ጽሑፉ «ስንት» የሚለውን።

ዳዊት፦ እኔ እኮ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ዘርዝሬ አሳይቻለሁ። ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ በአምስት ሰከንድ።

ሰላም፦ እሱ ነው የገደለህ። ስድስት ነገር በአምስት ሰከንድ ማን ያነባል? ቪዲዮውን አቁሞ ማንበብ የሚፈልግ ጥቂት ነው፣ ሌላው ጣቱን ወደ ላይ ይገፋና ይሄዳል። እያንዳንዱ ነገር ድስት ውስጥ ሲገባ የዚያኑ ሰዓት ስሙና መጠኑ ይውጣ። ስንት ሰከንድ ይቆይ ካልክ፣ አንተ ራስህ ረጋ ብለህ ሁለት ጊዜ እስክታነበው።

ዳዊት፦ የት ቦታ ላይ? እኔ ታች ነበር ያደረግኩት።

ሰላም፦ ታች የአንተ አይደለም፤ የገጹ ስምና መግለጫው እዚያ ይወጣበታል። ቀኝ በኩልም ልቧና የኮሜንት ምልክቱ አለ። ከመሃል ከፍ ብሎ፣ ወደ ግራ አድርገው። ደግሞ ቀይ ሽሮ ላይ ነጭ ፊደል እንፋሎት ሲመጣበት ይጠፋል፣ ከኋላው ጥቁር ሰሌዳ ነገር አድርግለት። የኛ ፊደል ቀጭን ከሆነ «ሽ» እና «ሸ» በትንሽ ስክሪን አይለዩም፣ ወፈር ያለ ፎንት ይሁን።

ዳዊት፦ መጠኑን «አንድ ስኒ ሽሮ» ነበር ያልኩት። ችግር አለው?

ሰላም፦ የቱ ስኒ? የቡና ስኒ ነው ወይስ ውጭ አገር የሚለኩበት ትልቁ ኩባያ? ትልቁ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የቡና ስኒ የሱን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ በእኔው ቪዲዮ ሠርታ ሽሮዋ በቢላ የሚቆረጥ ሆኖባት ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ በግራም ነው የምጽፈው።

ዳዊት፦ እንግዲህ አንድ በአንድ እንሂድበት። የጾም ሽሮ ነው፣ ለሦስት ሰው።

ሰላም፦ ከዜሮ እስከ 3 ሰከንድ፣ ያለቀው ሽሮ ሲንተከተክ። ድምፅህ አይግባ፣ ድስቱ ይናገር። ጽሑፉ «የጾም ሽሮ፣ ለ3 ሰው፣ 45 ደቂቃ»።

ዳዊት፦ 45 ደቂቃ ስል አይሸሹም?

ሰላም፦ የሚሸሸው ይሽሽ። በአንድ ደቂቃ የሚበስል አስመስለህ ብታሳየው ሽንኩርቱን ጥሬውን አንስቶ «ሽሮዬ ሸተተ» ብሎ ነው የሚመጣብህ። የቪዲዮው ሰዓት ሌላ፣ የድስቱ ሰዓት ሌላ ነው፤ የድስቱን ሰዓት ሁልጊዜ ጻፈው።

ዳዊት፦ ከ3 እስከ 8፣ ሽንኩርቱን መክተፍ።

ሰላም፦ «ቀይ ሽንኩርት 2 ራስ»። ከ8 እስከ 18 ማቁላላት፣ «ያለ ዘይት፣ 10 ደቂቃ»። እዚህ ሁለት ሾት ብቻ በቂ ነው፤ አንዱ ገና ሲገባ፣ ሌላው ውሃው መጥጦ መልኩ ሲለወጥ። ድምፅህ «እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግን እናቁላላለን» ይበል። ከ18 እስከ 25 ዘይት አራት የሾርባ ማንኪያና ነጭ ሽንኩርት 3 ፍሬ፣ እነሱም ተራ በተራ ይውጡ። ይህ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከ25 እስከ 30፣ «ውሃ 800 ሚሊ ሊትር፣ እስኪፈላ»።

ዳዊት፦ ከዚያ ሽሮው። አምስት ሰከንድ ሰጥቼው ነበር።

ሰላም፦ አሥራ ሁለት ስጠው። ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ዱቄቱ በአንዴ የፈላ ውሃ ላይ ሲያርፍ ውጪው ወዲያው ይበስልና ውስጡን ደረቅ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ጓጎለ ማለት ያ ነው። አንድ እጅ ሲበትን ሌላው ሲያማስል ካሜራው ከጎን ቅርብ ሆኖ ሳይቆረጥ ያሳይ። ከላይ ቀጥ አድርገህ ካነሳህ እንፋሎቱ ሌንሱን ይሸፍነዋል። ጽሑፉ «ምጥን ሽሮ 100 ግራም»። ምጥን መሆኑን አትርሳ፣ በርበሬ ያልጨመርነው ለዚያ ነው።

ዳዊት፦ እዚህ ጋ አንድ ነገር አስቸገረኝ። «የፈላው ውሃ ላይ ሽሮውን ቀስ እያልን እየበተንን እናማስላለን» ስል «እናማስላለን» የሚለው ጋ ስደርስ ምስሉ አልፎ ሄዷል።

ሰላም፦ አዎ! አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሰሚው ምን እንደምናደርግ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ቆራርጠው። «እንበትናለን። እናማስላለን። እጃችን አይቁም።» ድምፁን አስቀድመህ ቅዳና ምስሉን በድምፁ ልክ ቁረጥ፣ እያንዳንዱ ግስ ከእጁ ጋር ይገጥምልሃል።

ዳዊት፦ ከ42 እስከ 50 መንተክተክ፣ «በትንሽ እሳት 20 ደቂቃ»።

ሰላም፦ መብሰሉን በምን እንደሚያውቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገራቸው፤ የዱቄቱ ጥሬ ሽታ ሲጠፋና ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲል። ያንን ዘይት በቅርብ አንሳው፣ ከዳር በኩል ቀይ ሆኖ ሲያበራ። ከ50 እስከ 55 ቃሪያ፣ ከ55 እስከ 58 እንጀራ ላይ ሲፈስ። አለቀ።

ዳዊት፦ ሁለት ሰከንድ ተረፈን እኮ።

ሰላም፦ ተዋቸው፣ ሲላክ አንዳንዴ ጫፉ ይቆረጣል። አሁን ዩቲዩብ ሾርትስ እስከ ሦስት ደቂቃ ይፈቅዳል፣ ግን ለሽሮ ምን ያደርግልሃል?

ዳዊት፦ ቆይ፣ ጨውስ?

ሰላም፦ ወይኔ! የት ጋ ነው የዘለልነው?

ዳዊት፦ ቃሪያው ጋ። ያላልነው ነገር ነው።

ሰላም፦ ከ50 እስከ 55 «ጨው፣ ቃሪያ 1»። ጨው ላይ ቁጥር አታድርግ፣ ምጥኑ ውስጥ ጨው የሚጨምር ቤት አለ። «ቀምሰው» ብለህ ጻፍበት።