የ3 ሚሊ ሜትር ነገር

የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ? ቡናው እስኪፈላ አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

የአንድ ሕፃን ክንድ ዙሪያ 11.4 ሴንቲ ሜትር ነበር። በሳምንቱ እዚሁ ጅማ ደግሜ ስለካው 11.7 ሆነ። ከባድ የምግብ እጥረት የሚለይበትን 11.5ን አለፈ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ እናቱን «አይዞሽ፣ ልጁ እያገገመ ነው» አልኳት። ባልደረባዬ ዝም ብላ ሜትሩን ተቀበለችኝና ለካችው። 11.4! ልጁ ከእናቱ ጭን ንቅንቅ አላለም። 3 ሚሊ ሜትሩ የት ገባ?

የትም። የትከሻውንና የክርኑን አጥንት መሃል ለክቼ ምልክት ማድረግ ሲገባኝ፣ መሃሉን በዓይኔ ገምቼ ነበር። ሜትሩንም ላላ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የራሴ እጅ ምን ያህል እንደሚሳሳት ፈተሽኩ። 10 ሕፃናትን ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ምልክቱን በየጊዜው አጥፍቼ እንደገና አደረግኩ። ቁጥሩን የምትጽፈው ሌላ ሰው ነበረች፤ የመጀመሪያውን ካየሁት እጄ ወደዚያው ይሳባልና። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያሉት ልዩነቶች በሚሊ ሜትር 2፣ 1፣ 0፣ 3፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1፣ 0 እና 2 ነበሩ። እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ስትደምሩ 40 ይመጣል። ይህን ለሕፃናቱ ቁጥር እጥፍ፣ ለ20 አካፍሉት፤ ሁለቱም ንባቦች ስህተት ስላለባቸው ነው እጥፍ የሆነው። 2 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 1.4 ሚሊ ሜትር። የቴክኒክ የልኬት ስህተት የሚባለው ይኸው ነው።

አንዱን ልኬት ከሌላው ስንቀንስ ግን የሁለቱም ስህተት ይገባል። ስለዚህ ይህን ቁጥር በ2.77 እናባዛለን፤ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ልጁ ምንም ሳይለወጥ በእኔ እጅ ብቻ የሚመጣ ልዩነት ከ100 ጊዜ 95 ያህሉ ከዚህ አያልፍም። የእኔ 3 ሚሊ ሜትር ከዚያ በታች ነው። ልጁ አልወፈረም ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ ቁጥር ተነስቼ ወፍሯል ማለት አልችልም ነበር።

በየጊዜው ሁለቴ ለክታችሁ አማካዩን ብትወስዱ 4ቱ ወደ 2.8 ይወርዳል። ሁለተኛው ግን ከምልክቱ ጀምሮ እንደ አዲስ ካልተለካ ራስን መሸወድ ነው። ልዩነቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ካጋደሉ ደግሞ አማካይ አያድናችሁም፤ ሜትሩን ወይም አያያዛችሁን ፈትሹ።

የቆዳ እጥፋትን ውፍረት የምንለካበት ካሊፐር የባሰ አስቸጋሪ ነው። መንጋጋው ቆዳውን ስለሚጨፈልቀው ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ በ2ኛው ሰከንድ አንብቡ። ቶሎ ከደገማችሁት ቆዳው ገና አልተመለሰም፤ ሌሎቹን ቦታዎች ለክታችሁ ተመለሱበት። ስህተቱ ከቆዳው ውፍረት ጋር ስለሚያድግ በመቶኛ ማስላት ይሻላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ያ 4 ሚሊ ሜትር የእኔ ነው። የእናንተን አላውቅም። ልጁን ዛሬ እኔ፣ በሳምንቱ ባልደረባዬ ከለካነው ደግሞ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ይሰፋል።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። ከቡናው በኋላ ሜትር አድላችኋለሁ፤ ጥንድ ጥንድ ሁኑና የመጀመሪያውን ንባብ ደብቁ።