ሞዴሉ 80 በመቶ ሲል

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

በቀጥታ ወደ አንድ ምሳሌ ልግባ። የተጭበረበሩ ግብይቶችን የሚለይ ሞዴል አለን እንበል። ንጹሕ ግብይት በስሕተት ስናግድ ኪሳራችን 1 ነው፤ ማጭበርበር ሲያመልጠን ግን 9። ታዲያ ማገድ የሚያዋጣው የመጭበርበር ዕድሉ ስንት ሲደርስ ነው?

ዕድላቸው 10 በመቶ የሆኑ አሥር ግብይቶችን ውሰዱ። ሁሉንም ብናግድ ዘጠኙ ንጹሖች እያንዳንዳቸው 1 ያስከፍሉናል። ሁሉንም ብናሳልፍ የተጭበረበረው አንዱ ብቻውን 9 ያስከፍለናል። ሁለቱም መንገድ 9 ስለሆነ ገደባችን 10 በመቶ ነው። ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ የምንቀበለው 50 በመቶ የሚያዋጣው ሁለቱ ስሕተቶች እኩል ሲያስከፍሉ ብቻ ነው።

ይህ ስሌት ግን ሞዴሉ የሚሰጠው ቁጥር እውነተኛ ዕድል መሆኑን ይጠይቃል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማጭበርበር ከመቶ ግብይት 1 ብቻ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሞዴሉን የምናሠለጥነው ግማሹ የተጭበረበረ፣ ግማሹ ንጹሕ በሆነ ዳታ ነው። ሞዴሉም ዓለም እንዲያ ናት ብሎ ያምናል። በእሱ ዓለም 80 በመቶ ማለት 4 የተጭበረበረ ለ1 ንጹሕ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ለአንድ የተጭበረበረ 99 ንጹሖች ስላሉ 4 ለ99 ይሆናል፤ ይህም ወደ 4 በመቶ ገደማ ነው። አዎ፣ ሰማንያው አራት ነው! ገደባችን የሆነው እውነተኛ 10 በመቶ በዚህ ሞዴል ላይ የሚገኘው 92 በመቶ አካባቢ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ሞዴሎችን የምንመዝንበት ኤዩሲ የተባለው መለኪያ ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ እሱ የሚለካው ሞዴሉ የተጭበረበሩትን ከንጹሖቹ በላይ ማስቀደሙን፣ ማለትም ቅደም ተከተልን ነውና። ማየት የምንችለው ለሥልጠና ያልተጠቀምንበትን፣ የተጭበረበረው ድርሻ እንደ እውነተኛው 1 በመቶ የሆነ ዳታ ወስደን ተቀራራቢ ውጤት ያገኙትን ስንሰበስብና ስንቱ በእርግጥ እንደተጭበረበረ ስንቆጥር ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፦ 80 በመቶ ከተባሉት 20 ውስጥ 13ቱ ብቻ ቢጭበረበሩ የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ከ2000 ውስጥ 1300 ከሆኑ ግን ሞዴሉ ያጋንናል።

ከላይ ያለው የድርሻ ማስተካከያ ካልበቃ፣ የሞዴሉን ውጤት ወደ እውነተኛ ዕድል ከሚያስተካክሉት ዘዴዎች መካከል ዳታችሁ ጥቂት ሲሆን የፕላት ዘዴን እመርጣለሁ፤ ከዳታው የሚማረው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ሌላው ዘዴ፣ አይሶቶኒክ ሪግሬሽን፣ የበለጠ ይተጣጠፋል፤ በጥቂት ዳታ ላይ ግን አጋጣሚውን ጭምር ይሸመድዳል።

ዕድሉን ማስተካከልና ገደቡን መወሰን የተባሉትን ሁለት ሥራዎች ደግሞ አትቀላቅሉ። ነገ የማጭበርበር ድርሻ ከ1 ወደ 2 በመቶ ቢያድግ፣ ኪሳራዎቹ እስካልተለወጡ ድረስ 10 በመቶው ገደብ አይነካም፤ እንደገና የሚሠራው የዕድል ማስተካከያው ነው። ያመለጠ ማጭበርበር ከ9 ወደ 19 ቢወደድ ግን ሞዴሉን ሳትነኩ ገደቡን ወደ 5 በመቶ ታወርዱታላችሁ።

አመሰግናለሁ።