ፕሮፎርማው 20 ይላል፣ ሂሳቡ 67 ይወጣል

ቢኒያም፦ እሺ፣ ጤና ይስጥልን። የዛሬው ርዕሳችን የኦፕሬሽን ወጪ ነው። ሰላም ከመድኃኒት ዋጋ እንጀምር ብላ ነበር።

ሰላም፦ ብያለሁ፣ አልካድኩም። ግን መጀመሪያ የወንድሜን ነገር ላውራ።

ቢኒያም፦ በቃ፣ መድኃኒቱ ቀረ።

ሰላም፦ ይመጣል፣ ይመጣል። ታላቅ ወንድሜ ዕቃ ጫኝ ነው። በቀን ገቢ የሚኖር ሰው። ብሽሽቱ ላይ ኸርኒያ ወጣበት፣ አንጀት በላላ የሆድ ግድግዳ ሲገፋ የሚመጣው እብጠት። ሲያስል ያብጣል፣ ሲተኛ ተመልሶ ይገባል። ሐኪም አየውና በኦፕሬሽን መዘጋት አለበት አለው። እሱም ሁለት ክሊኒክ ሄዶ ፕሮፎርማ ጠየቀ። አጠያየቁን ግን ብታይ!

ቢኒያም፦ ምን አለ?

ሰላም፦ ለሁሉም ነገር ያለው ጥያቄ አንድ ነው። «ይሄስ ተካቷል?» የሰርጀኑ ክፍያ? ተካቷል። አልጋው? ተካቷል። አንሶላውስ? ትራሱስ? ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቋ መጣ። ወረቀቱን ስትሰጠው ደግሞ እስክሪብቶዋን አየና «ይሄስ?»

ቢኒያም፦ (እየሳቀ) ሰጠችው?

ሰላም፦ ሰጠችው! እስከ ዛሬ የሚጽፈው በሱ ነው። አሁን ቤት ውስጥ ሻይ ስንቀዳለት እንኳን «ስኳሩ ተካቷል?» ነው የሚለን። ግን ቀልዱን ተወውና፣ ያ ጥያቄ ብዙ ነገር አውጥቷል። የመጀመሪያው ክሊኒክ፣ ሩቁ፣ ፕሮፎርማው በወንድሜ ገቢ የ20 ቀን ነበር።

ቢኒያም፦ በብር ሳይሆን በቀን ነው የምትቆጥሩት?

ሰላም፦ እሱ የሚቆጥረው እንደዚያ ነው። እኔም ወደድኩት። አድማጭ የትም አገር ይሁን፣ በምንም ገንዘብ ይክፈል፣ የራሱን የቀን ገቢ ያውቃል። እና ሩቁ 20፣ ቅርቡ 30። አንተ ብትሆን የቱ ጋ ትሄዳለህ?

ቢኒያም፦ 20ው ጋ ነዋ። ምን ጥያቄ አለው?

ሰላም፦ ጥያቄው «ተካቷል?» ነው። ሩቁ ክሊኒክ 20 ያለው ሰርጀኑን፣ የኦፕሬሽን ክፍሉንና አንድ ሌሊት አልጋን ነው። ሜሹ የለበትም።

ቢኒያም፦ ሜሹ?

ሰላም፦ የላላውን የሆድ ግድግዳ የሚደግፈው መረብ። የአዋቂ ኸርኒያ ብዙ ጊዜ የሚጠገነው በሱ ነው። እሱ 4 ቀን። የሰመመን ባለሙያው ለብቻው ይከፈላል፣ 3። ከኦፕሬሽን በፊት የሚደረጉት ምርመራዎች 2። ስንት ሆነ?

ቢኒያም፦ 29።

ሰላም፦ የቅርቡ 30 ደግሞ እነዚህን ሁሉ ይዟል። ስፌት ማውጣትና አንድ ክትትልም ጨምሮ። ስለዚህ የ10 ቀን ልዩነት የመሰለው ነገር የ1 ቀን ብቻ ነው።

ቢኒያም፦ ያም ሆኖ ሩቁ ይረክሳል።

ሰላም፦ እስካሁን። አሁን መንገዱን አስገባ። ወንድሜ የሚመላለሰው 5 ጊዜ ነው። ለምክክር፣ ለምርመራ፣ ለኦፕሬሽኑ፣ ቁስል ለማሳየት፣ ስፌት ለማውጣት። አስታማሚ አለ፤ ትራንስፖርት የሚከፈለው ለሁለት ሰው ነው። ከኦፕሬሽን ወጥቶ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ቆሞ አይመጣም። ለዚያች ቀን የኮንትራት መኪና ያስፈልገዋል። ሲደመር ለሩቁ 7፣ ለቅርቡ 2።

ቢኒያም፦ እንግዲህ 36 ለ32። ተገለበጠ።

ሰላም፦ ተገለበጠ! የመድኃኒቱን 2 ቀን ለሁለቱም ጨምር። 38 ለ34። ቀጥሎ አስታማሚው። አስታማሚዋ እናቴ ናት። እሷም የምትሠራ ሰው ናት። ሩቁ ጋ ሲሄዱ ሙሉ ቀን ይጠፋል፣ 5 ቀን ትቀራለች። ቅርቡ ጋ ግን 2 ቀን ብቻ። ገቢያቸው ተቀራራቢ ስለሆነ በሱው ለክተነዋል።

ቢኒያም፦ እናትሽን ግን ማን ያስባታል? ሰው ሁሌ የታማሚውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ሰላም፦ እሱ ራሱ አልቆጠራትም፤ እሷ ናት «እኔስ ተካትቻለሁ?» ያለችው።

ቢኒያም፦ (እየሳቀ) ቤተሰቡ በሙሉ!

ሰላም፦ አሁን ትልቁ መጣ። ሰርጀኑ ለአራት ሳምንት ከባድ ዕቃ አታንሳ አለው። በሳምንት 6 ቀን ነው የሚሠራው። 24 ቀን ያለ ገቢ። ሩቁ 67፣ ቅርቡ 60።

ቢኒያም፦ 20 የተባለው 67 ሆነ?

ሰላም፦ አዎ! ከሁሉም የሚከብደው ቁጥር ደግሞ ማንም ፕሮፎርማ ላይ የለም። 24ቱ።

ቢኒያም፦ ቆይ። ከኦፕሬሽኑ በፊት ለምርመራ የቀረባቸው ቀናትስ?

ሰላም፦ ጥሩ ይዘሃል፣ ይጨመር። ሩቁን ነው ይበልጥ የሚያስወድደው።

ቢኒያም፦ አንድ ነገር ግን አልስማማም። ደሞዝተኛ የሕመም ፈቃድ ይወስዳል፣ ደሞዙ ይከፈለዋል። ለሱ ይሄ 24 ዜሮ ነው።

ሰላም፦ ዜሮ ላይሆን ይችላል። የትርፍ ሰዓቱስ? የመስክ አበሉስ? ኮሚሽኑስ? ፈቃዱ ሲያልቅስ?

ቢኒያም፦ እሺ፣ ዜሮ ባይሆንም ትንሽ ነው።

ሰላም፦ ለአንዳንዱ ትንሽ ነው። ለወንድሜ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ልልህ የፈለግኩት እዚህ ላይ ነው። ሰው በፕሮፎርማ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ለማስቀነስ ይከራከራል። 24ቱን ግን «ሐኪሙ ብሏል» ብሎ ያልፋል። እኛ ተመልሰን ጠየቅን። አራት ሳምንት ለማን ነው? ለጫኝ ነው ወይስ ለሁሉም?

ቢኒያም፦ ምን አለ?

ሰላም፦ ለከባድ ጭነት ነው አለ። ቀላል ሥራ ከሳምንት በኋላ ይችላል፣ ሕመሙ ከፈቀደለት። በዚህ ነገር ሰርጀኖችም አንድ ዓይነት ምክር አይሰጡም። አንዱ ስድስት ሳምንት ይላል፣ ሌላው ሕመሙ እስከፈቀደልህ ሥራ ይላል። ስለዚህ ኦፕሬሽን የሚያደርግህን ሰርጀን ራሱን የሥራህን ዓይነት ነግረህ ትጠይቃለህ። «ስንት ኪሎ፣ ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ?» በወረቀት ይጻፍልህ። ያ ወረቀት ለአሠሪም ይጠቅማል። ወንድሜ ሁለት ሳምንት ዕቃ በመቁጠርና በመመዝገብ ሠራ፣ በግማሽ ገቢ።

ቢኒያም፦ በዚያ እስክሪብቶ?

ሰላም፦ በዚያው እስክሪብቶ! 12 ቀን በግማሽ ማለት 6 ቀን ዳነ። ሙሉው የትራንስፖርት ልዩነት እንኳን 5 ነው እኮ።

ቢኒያም፦ ሕመሙን ደብቆ ጭነት ቢጀምርስ? እኔ የምፈራው እሱን ነው። ሰው ሲቸግረው «ድኛለሁ» ይላል።

ሰላም፦ እውነት ነው። ለዚህ ነው ገቢ የሌለበት ጊዜ ገንዘብ ቀድሞ መቀመጥ ያለበት። ክሊኒኩን ከፍሎ ባዶ ኪስ የቀረ ሰው ነው በአሥረኛው ቀን ጭነት የሚያነሳው።

ቢኒያም፦ ታዲያ በላፓሮስኮፒ፣ በካሜራ የሚሠራው አይሻልም? ቶሎ ይመለሳል ይባላል።

ሰላም፦ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ወደ ሥራም ቶሎ ይመልሳል። ፕሮፎርማው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ሙሉ ሰመመንም ይፈልጋል። በክፍት የሚሠራው ግን ከወገብ በታች አደንዝዘው ወይም ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ሊሠሩት ይችላሉ። ጥያቄው ስንት ቀን ቶሎ ትመለሳለህ ነው። የዋጋው ልዩነት 15 ቀን ሆኖ የምትድነው 7 ቀን ከሆነ አያዋጣም።

ቢኒያም፦ ሕመሙ መቀነሱስ? እሱ በቀን ገቢ አይለካም። እኔ ብሆን እከፍላለሁ።

ሰላም፦ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው የምትሠራው!

ቢኒያም፦ እና? ወንበር ላይ የተቀመጠ አያመውም? ይሄን አልቀበልሽም።

ሰላም፦ እሺ፣ ካለህ ክፈል። ከሌለህ አትበደርበት ነው የምልህ። ደግሞ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። በፈረንጆቹ 2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን የዓለምን የቀዶ ሕክምና ሁኔታ አጥንቶ ነበር። በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ሰው ለቀዶ ሕክምናው በሚከፍለው ብቻ ከባድ የገንዘብ ጉዳት ይደርስበታል ይላል። ሌላ 48 ሚሊዮን ደግሞ ከሕክምናው ውጪ ባለ ወጪ። ትራንስፖርትና የመሳሰለው።

ቢኒያም፦ ከሕክምናው ውጪ ያለው ይበልጣል?

ሰላም፦ ይበልጣል።

ቢኒያም፦ መድኃኒቱ ሰላም! ሰዓቱ እያለቀ ነው።

ሰላም፦ መድኃኒቱን ባጭሩ። የትእዛዝ ወረቀቱን ከኦፕሬሽኑ በፊት ጠይቁ። ሳይንሳዊ ስሙ፣ መጠኑ፣ ስንት ፍሬ፣ ለስንት ቀን። በአምራቹ ስም ብቻ ከተጻፈ በሁለት መድኃኒት ቤት ዋጋ ማወዳደር ይከብዳል።

ቢኒያም፦ አንቲባዮቲኩ ነው የሚወደደው ይላሉ።

ሰላም፦ የሳምንት አንቲባዮቲክ ከታዘዘ «ለምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2016 ባወጣው መመሪያ ለመከላከያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ኦፕሬሽኑ ካለቀ በኋላ እንዳይቀጥል ይመክራል። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ የምትረሳ ርካሽ መድኃኒት አለች። እንደ ትራማዶል ያለ ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል። ኸርኒያ የተጠገነ ሰው ደግሞ ማማጥ የለበትም። ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝ እንደሆነ ጠይቁ።

ቢኒያም፦ ያልታሰበ ነገር ቢመጣስ?

ሰላም፦ ሽንት አልወጣ ሊል ይችላል። ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣው ቱቦ፣ ይደረግና አንድ ሌሊት ይጨመራል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። እኛ የያዝነው የአንድ ተጨማሪ ሌሊትና የአንድ ሳምንት ገቢ ነው። ክሊኒኩንም ጠየቅነው፣ ተመልሶ ኦፕሬሽን ክፍል ቢገባ ማን ይከፍላል?

ቢኒያም፦ ሳምንት አይበቃም። እኔ ወር እይዛለሁ።

ሰላም፦ ወር እስክትይዝ ኸርኒያው አይጠብቅህም! እብጠቱ አልመለስ ካለ፣ ከፍተኛ ሕመምና ማስታወክ ከመጣ፣ አንጀት ታንቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፕሮፎርማ ማወዳደር የለም። ድንገተኛ ክፍል ነው በዚያው ሰዓት።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ለዚህ አይነቱ እስማማለሁ። ጊዜ ለሚሰጥ ግን ወር።

ሰላም፦ ሁለት ሳምንት።

ቢኒያም፦ ሦስት። እና አድማጮች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጥርስ እናወራለን። ሰላም፣ የጥርስ ዘመድ የለሽም አይደል?

ሰላም፦ አክስቴን አታውቃትም እንዴ?