ከላስቲኩ በፊት በሩ

እንደምን ዋላችሁ፣ የማኅበራችን አባላት።

ከየቤቱ ቆሻሻ የምንሰበስብበትን ዕቅድ ስናነብ የብዙዎቻችን ዓይን የላስቲክ ጠርሙስ ሽያጩ ላይ ነው ያረፈው። የእኔም እንደዚያው ነበር። ዛሬ ግን ከበሩ፣ ማለትም ቤቶቹ ቆሻሻ ለማንሳታችን በየወሩ ከሚከፍሉን ልጀምር።

ሒሳቡን በገንዘብ ሳይሆን በቤት እንቁጠረው። በዕቅዱ የምንዞረው 400 ቤት ነው። ደመወዙ፣ የጋሪ ጥገናው፣ ጓንቱና የመጋዘን ኪራዩ ሲደመር የ280 ቤት የወር ክፍያ ይጨርሳል። ከ10 ቤት 7ቱ ከከፈለ ወጪያችን ተሸፈነ ማለት ነው። 6ቱ ብቻ ከከፈለ ግን 240 ላይ ቀረን። የ40 ቤት ጉድለት ይዘን ወሩን እንዘጋለን።

ሰው ለምን አይከፍልም? ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ እንመጣለን ብለን ሐሙስ ከመጣን፣ ቆሻሻው ደጃፉ ላይ ሁለት ቀን ከሸተተ፣ «ምን ሠርታችሁ ነው የምትጠይቁኝ?» ይላል። ልክ ነው! ስለዚህ ክፍያ ሲቀንስ መጀመሪያ የምናየው የቀረውን ዙር ነው። ቆሻሻ የሚያነሳውና ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ደግሞ ይለያይ። ደረሰኙ ተራ ቁጥር ይኑረው፤ ወሩ ሲያልቅ ጉርዱ ከገንዘቡ ጋር ይመሳከር። እዚህ ላይ መተፋፈር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 20 ግራም ገደማ ቢመዝን፣ ለአንድ ኪሎ 50 ጠርሙስ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት 5 ቢሰጠን 2,000 ጠርሙስ ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን 40 ኪሎ ብቻ! ሳይጨፈለቅ የታጨቀ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ሌላው አየር ነው። ጋሪያችን አየር እየጫነ እንዳይመላለስ ክዳኑ ይከፈት፣ ጠርሙሱ በእግር ይረገጥ።

ካርቶን ሌላ ጣጣ አለው። ከረጠበ ገዢው ወይ ኪሎ ይቀንሳል ወይ ይመልሰዋል። ዘይት የነካውን ባናመጣው ይሻላል። ጣሳና ብረት ደግሞ ዋጋ ስላላቸው ብዙ ጊዜ እኛ ሳንደርስ በሌላ እጅ ይወጣሉ። ዕቅዱ ውስጥ በብዛት የተጻፉትን እኔ ብሆን በግማሽ እቀንሳቸዋለሁ።

የላስቲክ ዋጋ የሚወሰነው እኛ መንደር አይደለም። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አዲስ ላስቲክ ይረክሳል፤ ያን ጊዜ ፋብሪካው የእኛን አሮጌ አይፈልግም። ስለዚህ ደመወዝ በሽያጭ ላይ አይንጠልጠል። ከቤቶቹ ክፍያ ይከፈል። የሽያጩ ገቢ መጀመሪያ የራሳችን ሚዛን ይግዛልን። እስካሁን የምናምነው የገዢውን ሚዛን ነው፤ ስንት እንደሚያጎድል ደግሞ አናውቅም።

ለድምፅ የማቀርበው ሁለት ነገር ነው፦ ገንዘብ ተቀባይ ለብቻው እንምረጥ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ደግሞ ከሽያጩ ምንም ሳንከፋፈል እንቆይ። እጃችሁን አውጡ።