ቀዩ መብራት ሲበራ፦ ቀለምና ብልጭታ በአንዲት የአራት ሰከንድ ትዕይንት

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ ከአንዲት አጭር ትዕይንት አንወጣም። ጨለማ ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ ሁለት መብራቶች ያሉት ሰሌዳ ተሰቅሏል። አረንጓዴው ከበራ ሁሉም ደህና ነው፣ ቀዩ ከበራ አደጋ መጥቷል። ገፀ ባህሪዋ ለሰሌዳው ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። አረንጓዴው ይጠፋና ቀዩ ይበራል፣ ወዲያው ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፣ ክፍሉም አብሮት በቀይ ብርሃን ይሞላል ይጨልማል። አራት ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ብንስል 96 ፍሬም ማለት ነው። አኒሜሽን የሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን ይሠራል።

ይህች ትዕይንት ተመልካችን ሁለት ቦታ ላይ ልታጣ ትችላለች። አንዱ መብራቱ መቀየሩን አያይም። ሌላው ደግሞ ያያል፣ ነገር ግን ያመዋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ለየብቻ እንፈታቸዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአንዱ መፍትሔ ለሌላው መፍትሔ የሚመስለን ጊዜ ነው።

ከቀለሙ እንጀምር። ሠዓሊው ለቀዩ #E53935፣ ለአረንጓዴው #43A047 መረጠ እንበል። በስክሪን ላይ በየቦታው የምናያቸው ዓይነት ቀለሞች ናቸው። ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ከሁሉም የቀለም ችግሮች የተለመደው ነው፤ ከሰሜን አውሮፓ ዘር በሆኑ ወንዶች ዘንድ ከ12 አንዱን ያህል ይነካል፣ በሴቶች ላይ ግን በጣም ጥቂት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሁለቱ መብራቶች ወደ አንድ ዓይነት ቡናማ ቢጫ ይጠጋሉ። ያኔ ለዓይን የሚቀረው የብሩህነት ልዩነት ብቻ ነው። ብሩህነትን ከ0 ጥቁር እስከ 1 ነጭ ብንለካው፣ ያ ቀይ 0.20 ገደማ፣ ያ አረንጓዴ 0.27 ገደማ ይሆናል። የንፅፅር ቀመሩ ሁለቱም ላይ 0.05 ይደምርና ትልቁን ለትንሹ ያካፍላል፤ ውጤቱ 1.3 ለ1 አካባቢ ነው። ይህ ዓይን ሳይፈልገው የሚያስተውለው ልዩነት አይደለም። ገፀ ባህሪዋ ዞር ብላ ስትደነግጥ ተመልካቹ ምን እንዳስደነገጣት አያውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራት ስህተት አለች። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ ያያል፣ ቀዩ ከጨለማው ግድግዳ ላይ በደንብ ከተለየ አለቀ ይላል። ጥቁርና ነጭ ማየት ጥሩ ነው፣ ግን የሚሰላው ለተለመደ ዓይን ነው። ቀይ ብርሃንን የሚቀበሉት የዓይን ሕዋሳት የሌሉት ሰው ቀይን ከዚያ በጣም ጨለማ አድርጎ ያየዋል። ድፍን ቀይ በጥቁር ላይ ለእሱ የጠፋ መብራት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ከጥቁርና ነጩ በተጨማሪ የእነዚህን ሰዎች ዕይታ በሚያሳይ ማስመሰያ ማየት ግድ ነው። Color Oracle የሚባለው ነፃ ፕሮግራም መላውን ስክሪን ይቀይርላችኋል። በክሮም ደግሞ በገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ Rendering የሚለውን ከፍታችሁ Emulate vision deficiencies የሚለውን ታገኛላችሁ። ቢያንስ ሁለቱን እዩ፣ የቀይ ሕዋሳት የሌሉበትን Protanopia እና የአረንጓዴ ሕዋሳት የሌሉበትን Deuteranopia፣ ምክንያቱም አንዱ ላይ ያለፈ ሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

መፍትሔው ቀዩን ወደ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴውን ወደ ሰማያዊ መግፋት ነው። ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ኦካቤና ኢቶ፣ ያዘጋጁት የስምንት ቀለም ስብስብ ለዚህ በሰፊው ይሠራበታል። ከእሱ ለአደጋው #D55E00 የተባለውን ብርቱካናማ ቀይ፣ ለደህናው #56B4E9 የተባለውን ፈካ ያለ ሰማያዊ እንውሰድ። የመጀመሪያው 0.22፣ ሁለተኛው 0.41 ገደማ ነው፤ ንፅፅሩ ወደ 1.7 ከፍ አለ። ዋናው ትርፍ ግን ቁጥሩ አይደለም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ሰማያዊንና ቢጫን መለየት ይችላል፣ ሁለቱም ቀለሞች ከዚያ መስመር በተቃራኒ ጫፍ ተቀምጠዋል። ግድግዳው #1A1F2B ከሆነ ሁለቱም ከእሱ ላይ ከ4 ለ1 በላይ ይለያሉ።

ይህም ሆኖ በቀለም ብቻ አልተውም። ደህናው ክብ፣ አደጋው ሦስት ማዕዘን ይሁን፤ አንዱ በሰሌዳው ላይኛ ክፍል ሌላው በታችኛው ይቀመጥ። ቅርጽና ቦታ በማንኛውም ዓይን ያልፋሉ፣ ርካሽ ስክሪን ላይም ያልፋሉ።

አሁን ወደ ብልጭታው። ፈጣን ብልጭታ አንዳንድ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። ሠዓሊው ቀዩን ሦስት ፍሬም አብርቶ ሦስት ፍሬም አጠፋው እንበል። አንድ ዙር ስድስት ፍሬም ነው፣ 24ን ለ6 ስናካፍል በሰከንድ 4 ብልጭታ ይሆናል። ዊካግ የሚባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በማንኛውም አንድ ሰከንድ ውስጥ ከ3 ብልጭታ በላይ አይፈቅድም። አንድ ብልጭታ ማለት መውጣትና መውረድ አንድ ላይ ነው፤ የብሩህነቱ ለውጥ 0.1 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና ጨለማው ጎን ከ0.80 በታች ሲሆን ይቆጠራል። የኛ ክፍል ከጨለማው ግድግዳ 0.014 ወደ ቀዩ 0.20 ይዘልላል፣ ስለዚህ ይቆጠራል።

«በማንኛውም አንድ ሰከንድ» የሚለውን ሐረግ በደንብ ልብ በሉት። ከሰዓቱ ሰከንድ ጋር አይጀምርም፣ በየፍሬሙ ይንሸራተታል። አራት ፍሬም አብርቶ አራት ማጥፋት በወረቀት ላይ ልክ 3 ይሆንና ያልፋል። ከዚያ አርታኢው ትዕይንቱን ከቀን ብርሃን ትዕይንት ጋር ሲያገናኘው ቆረጣው ራሱ ሌላ ዝላይ ይጨምራል፣ ድንበሩም ይታለፋል። ሠዓሊውም አርታኢውም ለየብቻ ሲታዩ ጥፋት የለባቸውም። ለዚህ ነው ድንበሩ ላይ መቆም የማልመክረው።

ቀይ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ብሩህነቱ ባይቀየር እንኳ፣ ከድፍን ቀይ ወደ ሌላ ቀለም መመላለስ እንደ ብልጭታ ይቆጠራል። ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በአውሮፓ አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ በተላለፈ የልጆች አኒሜሽን ቀይና ሰማያዊ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ተፈራርቀው ከ600 በላይ ተመልካቾች ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። 12 ጊዜ ማለት በ24 ፍሬም ላይ አንድ ፍሬም ቀይ፣ አንድ ፍሬም ሰማያዊ ማለት ነው፤ ከመሳል አንፃር ከሁሉም የሚቀለው ነገር።

ቀደም ብዬ ያሳሰበኝ ነገር እዚህ ጋ ነው። ቀለም ለመለየት ሲባል የመረጥነው #D55E00 አሁንም ድፍን ቀይ ነው። መለኪያው ከሦስቱ ብርሃኖች ድምር ውስጥ የቀዩ ድርሻ 0.8 ደርሷል ወይ የሚል ነው። የፋይሉ ቁጥሮች ወደ እውነተኛ የብርሃን መጠን ተመልሰው ሲሰሉ የእሱ 0.86 ገደማ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀይ 0.91 ነበር። ብዙም አልራቅንም። በማስመሰያው አለፈ ብሎ ይህን ቀለም ማርገብገብ፣ በተለይ ከሰማያዊው ጋር ማፈራረቅ፣ አንዱን ተመልካች አስተናግዶ ሌላውን መጉዳት ነው።

ስለዚህ መብራቱ አይርገብገብ። አንዴ ይብራና በርቶ ይቆይ። እንቅስቃሴውን ለሌላ ነገር እንስጠው፦ ከሦስት ማዕዘኑ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ይውጣ፣ በ24 ፍሬም ውስጥ እየሰፋ ይደብዝዝ፣ እንደገና ይጀምር። ክፍሉ ደግሞ በ12 ፍሬም ይሙቅ፣ በ12 ፍሬም ይመለስ፤ ይህ በሰከንድ አንድ ነው። የሞቀው ግድግዳ ቀለም #5A3A1E ይሁን። ብሩህነቱ 0.05 ገደማ ነው፣ ከ0.014 ተነስቶ የሚጨምረው 0.04 ብቻ ስለሆነ ከነጭራሹ እንደ ብልጭታ አይቆጠርም፤ የቀይ ድርሻውም 0.65 አካባቢ ነው። ችኮላው ከቀረ ብላችሁ ካዘናችሁ ለድምፁ ስጡት። የማስጠንቀቂያው ድምፅ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ቢመታ እንኳ ዓይንን አይነካም፣ ጆሮ የሰማውን ፍጥነት ዓይንም ያየ ይመስለዋል።

መመሪያው ትንሽ ስፋት ያለው ብልጭታ ይፈቅዳል፣ እሱን አውቃለሁ። በ1024 በ768 ስክሪን ላይ ወሰኑ 21,824 ፒክስል ገደማ ነው፣ ከስክሪኑ 3 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ግን ተመልካቹ በስንት ስክሪን፣ ከምን ያህል ርቀት እንደሚያይ አኒሜተሩ አያውቅም። እኔ ብሆን በዚህ አልመካም።

ሲያልቅ እንዴት ይፈተሻል? ለመጀመሪያ ማጣሪያ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ የቪዲዮ ፕሮግራም ይበቃል። ይህች ትእዛዝ የእያንዳንዱን ፍሬም አማካይ ብሩህነት ታትማለች፦

```
ffmpeg -i scene.mp4 -vf "signalstats,metadata=print:key=lavfi.signalstats.YAVG" -f null -
```

ቁጥሮቹን ወደ ታች አንብቡ። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ ቦታ ካለ በ24 ፍሬም ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ቁጠሩ። ቁጥሩ ከላይ ከተናገርነው የ0 እስከ 1 መለኪያ ጋር አንድ አይደለም፣ ምቱን ለማግኘት እንጂ ለመፍረድ አይሆንም። ሁለት ነገርም ያመልጠዋል። አማካይ ስለሆነ ግራው ሲበራ ቀኙ ከጨለመ ምንም ያልተቀየረ ይመስላል፤ ቀይና ሰማያዊ በእኩል ብሩህነት ሲፈራረቁም አያይም። እነዚህን ለመያዝ ፒት የሚባለው ነፃ መሣሪያ አለ፣ በአንዳንድ አገሮች ለቴሌቪዥን ስርጭት ደግሞ ሃርዲንግ የሚባለው ፍተሻ ይጠየቃል።

ፍተሻው ከወደቀ በኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ photosensitivity የሚል ማጣሪያ አለ፣ ፍሬሞቹን እያዋሐደ ብልጭታውን ያለሰልሳል። ለቆየ፣ የሥዕል ፋይሉ ለጠፋ ሥራ ይጠቅማል። በእጃችሁ ላለ ሥራ ግን ጥላ የተደራረበ ምስል ይተውላችኋል፤ ተመልሶ የፍሬሞቹን ቆይታ መቀየር ይሻላል። ፍተሻውንም በትዕይንቷ ላይ ብቻ አታድርጉ፤ ከፊቷና ከኋላዋ ቢያንስ አንድ አንድ ሰከንድ ጨምራችሁ፣ ከመጨረሻው አርትዖት በወጣው ፋይል ላይ አሂዱት።